አራት ወር ከአሥር ቀን

እናቴን ስምንት ወር ሙሉ ቤት ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። በትክክል ይነገር ከተባለ አራት ወር ከአሥር ቀኑ የአላህ ትእዛዝ ነው፤ የተረፈው የኔ ንባብ ነው።

አባቴ የሞተው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ሮተርዳም ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ያጸዳ ነበር። ሳምንቱን እዚያው ያድርና ዓርብ ማታ ወደኛ፣ ኦስዶርፕ ወደሚባለው ሰፈር ይመጣል። አንድ ዓርብ አልመጣም፤ በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ልቡ ናት። የተቀበረውም እዚያው ሮተርዳም ነው። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን አሥራ ስድስት ሆኖኛል፤ አማርኛ በወግ መጻፍ የቻልኩትም ገና ዘንድሮ ነው። ስለዚህ ቃል ካበዛሁ ታገሱኝ። አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ያለ ጉዳይ ይመላለሳል።

እኛ የወሎ እስላሞች ነን። ባል የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ አታገባም፣ አትታጭም፣ ሒና አትሞቅም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ከባሏ ቤት ውጭ አታድርም። እናቴ ይሄንን ከእናቷ እንዳየችው፣ ከዚያም ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ዛንዳም ከተማ ብስኩት የምታሽግበትን ሥራ ተወች። ከሐኪም ቤት በቀር ደረጃውን አልወረደችም። ወተቱን፣ ዳቦውን፣ የቤቶች ድርጅቱን ወረቀት፣ የሶሻለ ዲንስቱን፣ የድጎማ ቢሮውን፣ ወረፋ እኔ ያዝኩ። ማዘጋጃ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ «እናትሽ ለምን ራሷ አልመጣችም?» ሲሉኝ ምን ብዬ በደች እንደማስረዳ አላውቅም ነበር። «አሟታል» እል ነበር። ማታ ማታ ሁለታችን ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ እሷ ተስቢሓዋን ትቆጥራለች፣ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከትምህርት ቤት ማንም ሰው ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ሰው ቢመጣ የማስቀምጥበት ወንበር አልጠፋም፤ የሚመጣ ሰው ነው የጠፋው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እሑድ እሑድ መስጊድ የልጆች ትምህርት ነበር። የቱርክና የሞሮኮ ልጆች ይበዛሉ፤ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነኝ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ። አስተማሪው አንድ ቀን ስለ መጠጥ አስተማረን። ቁርዓን መጠጥን በአንድ ጊዜ አልከለከለም አለ። መጀመሪያ በሁለተኛው ሱራ፣ ማለት ምዕራፍ፣ ጥቅምም ጉዳትም አለው፣ ጉዳቱ ግን ይበልጣል የሚል መጣ። ቀጥሎ በአራተኛው ሱራ ሰክራችሁ ወደ ሶላት አትቅረቡ የሚል መጣ። በመጨረሻ በአምስተኛው ከሱ ራቁ የሚል መጣና አለቀ። ሕጉ ሲታይ ኋላ የመጣው ፊት የመጣውን ይሽራል፤ የሻረው ናሲኽ፣ የተሻረው መንሱኽ ይባላል አለን። ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። እኔ ይቺን ነገር ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩባት። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። የቁልፉን ቀዳዳ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

በየካቲት ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት በደች የተተረጎመ ቁርዓን ተዋስኩ። እናቴ ብዙ ሱራ በቃሏ ታውቃለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቅም። ማታ ማታ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልስላት ጀመር። ሱረቱል በቀራ፣ ሁለተኛው ሱራ ላይ ደረስን። ሁለት መቶ ሠላሳ አራተኛው አንቀጽ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች አራት ወር ከአሥር ቀን ይጠብቃሉ ይላል። እናቴ «እሱን አውቃለሁ» አለችና ተስቢሓዋን ቀጠለች። የቀራት ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር።

ስድስት አንቀጽ ወረድ ስል ሁለት መቶ አርባኛው ላይ ሌላ ነገር አገኘሁ። ሚስት ትቶ የሚሞት ሰው፣ ከቤት ሳትወጣ ዓመት እንድትተዳደር ይናዘዝላት የሚል። ዓመት። ወደ ላይ ተመለስኩ፤ አራት ወር። ወደ ታች፤ ዓመት። ያቺ ሁለቴ ያሰመርኩባት ነገር ትዝ አለችኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «ዒዳ አራት ወር አይደለም። ተሽሯል።»

«ማን ሻረው?»

«ቁርዓኑ ራሱ። ኋላ ያለው ፊት ያለውን ይሽራል። ይኸው፣ ሠላሳ አራተኛው አራት ወር ይላል፣ አርባኛው ዓመት ይላል። አርባ ከሠላሳ አራት በኋላ ነው።»

ከተስቢሓዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ዓመት» አለች።

«ዓመት።»

«ደግ» አለችና ወደ ተስቢሓዋ ተመለሰች። እኔ ግን ያን ማታ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው የሚሰማኝ ነገር ተናገርኩ። አስቡት፣ እናቴን አስተማርኳት።

ደስታው ሁለት ሳምንት ቆየ። ቀኑ ደርሶ አለፈ፤ እናቴ አልወጣችም። መጋቢት መጣ፣ ሚያዝያ መጣ፣ ከታች ሣሩ ላይ ሰው ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። ማታ የማነበው አለቀና ፊት ለፊት መቀመጡ ብቻ ቀረ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ቤት አልገባም፤ ስሎተርፕላስ ሐይቅ ዳር ዞሬ፣ ዳክዬዎቹን ቆጥሬ፣ ከዚያ እገባለሁ። ስገባ እንደተውኳት አገኛታለሁ። ማንም አጠገቤ እንደሌለ ነበር የሚሰማኝ፤ እሷ ግን አጠገቤ ነበረች።

ከበታቻችን የምትኖር አንዲት ጎረቤት አለችን፤ የጎንደር ክርስቲያን ናት፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ታጥባለች፣ ታለብሳለች። አፏ ስለት ነው። በሰኔ መጨረሻ ዓርብ ማታ መጣችና ቆማ ተናገረች።

«እቱ፣ ሥራ አግኝቼልሻለሁ። እኛው ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ። ሞቅ ያለ ክፍል ነው፣ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ፤ ከሰኞ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«ዓመቴ አልሞላም» አለች እናቴ።

«የምን ዓመት? እኛም አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ተዝካር አለን። ግን በልተን እንበተናለን እንጂ ዓመት ተዘግተን አንቀመጥም።»

«የናንተ ሌላ ነው።»

«የናንተስ ቢሆን ከመቼ ወዲህ ነው ዓመት? ደሴ ያሉ ጎረቤቶቼ አራት ወር ነበር የሚቀመጡት። አንቺ ልጅ፣» ወደኔ ዞረች፣ «አንቺ ነሽ አሉ ሙፍቲዋ።»

እናቴ ፈገግ አለች። እኔ አልሳቅኩም። ጎረቤታችን ስትወርድ ደረጃው ላይ ተከተልኳት። «ሰኞ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የዛንዳሙ ቀረባት። ይሄም ከቀረ ከዚያ ቤት የሚያወጣት የለም፤ ሥራው አይደለም የሚያሳስበኝ።» እኔንም ያሳሰበኝ ከቤት አለመውጣቷ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ዴንሃግ ከተማ ሄድኩ። ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ውስጥ አንድ ሸህ እንዳሉ አባቴ ይነግረን ነበር። ኤርትራዊ ናቸው፤ በልጅነታቸው ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ ሆነው ወሎ ገብተው ከአንድ ሸህ ወደ ሌላው እየዞሩ ብዙ ዓመት ቀርተዋል፤ አማርኛቸውንም ያገኙት እዚያ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ መውጣት የሚቻልበት መንገድ ካለ ልጠይቃቸው ነው። አንቀጹን መሳሳቴ በሐሳቤም አልነበረም። መውጫ ቀዳዳ ፍለጋ ነበር የምሄደው።

ባቡር ውስጥ ጥያቄዬን በአማርኛ ስለማመድ መውረጃዬን፣ ሆላንድስ ስፖር ጣቢያን፣ አለፍኩት። ቀና ስል ሮተርዳም ነኝ። ወረድኩ። መድረኩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ እኔም አባቴ በዚህች ከተማ የሆነ ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፣ በየትኛው ትራም እንደሚኬድ ግን አላውቅም። እናቴም አታውቅም፤ የቀበሩት ወንዶቹ ናቸው። ወደ ዴንሃግ የሚመለሰው ባቡር እስኪመጣ እዚያው ቆየሁ፤ ከጣቢያው አልወጣሁም።

ሸሁ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከሥሩ አትክልት መሸጫ አለ። በር ከፈቱልኝ።

«ሰላም ነህ?» አልኳቸው።

«ሰላም ነኝ» አሉ። «የማን ልጅ ነሽ፣ እንዲህ ጓደኛ ያደረግሽኝ?»

ፊቴ ጋለ። «እርስዎን ማለቴ ነው። እዚህ አገር ስላደግኩ ነው።»

«አይዞሽ፤ እዚህ አገር ንግሥቲቱንም በስሟ ይጠሯታል። ግቢ ልጄ።»

የአባቴን ሁኔታ ስነግራቸው ዱዓ አደረጉለት። ከዚያ የተለማመድኩትን ጥያቄ አወጣሁ። ዓመቱን ማሳጠር ይቻል ወይ አልኳቸው።

«የምን ዓመት?»

አስረዳኋቸው። ሠላሳ አራት፣ አርባ፣ ናሲኽ፣ መንሱኽ። በመጠጡም ምሳሌ አስደገፍኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልሳቁም፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

«መጀመሪያ የወረደው የቁርዓን ቃል የትኛው ነው?» አሉ።

ይሄንን የማያውቅ ልጅ የለም። «ኢቅራእ፤ አንብብ።»

«መጽሐፉ ውስጥ የት ነው ያለው?»

«መጨረሻው አካባ...» አልኩና ቆምኩ። ዘጠና ስድስተኛው ሱራ። ከመቶ አሥራ አራቱ ዘጠና ስድስተኛው።

ጨዋታው ያለቀው እዚያ ላይ ነበር፤ እሳቸው ግን አልጣሉኝም። ተነሡና እስከ ደረጃው መግቢያ ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ የቤቶች ድርጅቱ ሁለት ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱም ስለ ቆሻሻ ነው።

«የላይኛው ቆሻሻ ሐሙስ አውጡ ይላል፣ የታችኛው ማክሰኞ። እኔ መቼ ላውጣ?»

«የታችኛው ኋለኛ...» ብዬ ጀመርኩና ጠጋ ብዬ ቀኑን አየሁ። የታችኛው የአምናው ነው። አዲሱ ከላይ ነው የተለጠፈው። «ሐሙስ» አልኩ።

«ቦታው አይደለም፣ ቀኑ ነው። ቁርዓን እንደ ወረደበት ቅደም ተከተል አልተደረደረም፤ በነቢዩ ትእዛዝ በሌላ ሥርዓት ነው የተቀመጠው። የመጠጡ አንቀጾች አወራረዳቸውና አቀማመጣቸው ስለገጠመልሽ ነው ያታለሉሽ። የዒዳው ግን ተገላቢጦሽ ነው። የዓመቱ ቀድሞ ወረደ፣ የአራት ወሩ ኋላ ወረደ። ሲጻፍ ኋለኛው ከፊት ተቀመጠ። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንዲህ ነው የሚሉት፣ ዓመቱ በአራት ወር ከአሥር ቀን ተሻረ።»

«ግን ቁርዓኑ ላይ ቀን አልተጻፈም» አልኩ።

«ጎሽ። ይሄን መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ለዚህ ነው ናስኽ፣ መሻሩ፣ በመጽሐፍ ቆጠራ የማይያዘው። የትኛው መቼ እንደ ወረደ ከሰሙት ሰዎች፣ ከሰሃባዎቹ፣ በቅብብሎሽ ነው የሚታወቅ። ቀኑ ካልታወቀ ተሽሯል ማለት አይቻልም። ቀኑ ቢታወቅም ሁለቱ አንቀጾች የማይታረቁ መሆን አለባቸው፤ ሁለቱንም ማዋል ከተቻለ መሻር የለም። ደግሞ የሚሻረው ሕግ ነው፤ ወሬና ታሪክ አይሻርም። ያለፈ ነገር ሆነ ተብሎ ከተነገረ በኋላ አልሆነም አይባልማ።»

«ከተሻረ ለምን አልተፋቀም?»

«ቁርዓን ሲሰበሰብም አንድ ሰው ይችን ራሷን አንቀጽ አንሥቶ ጠይቋል፤ ከቦታው ምንም አላንቀሳቅስም ነው የተባለ። ሕጉ ተነሥቷል፣ ቃሉ አለ። ይነበባል፣ በሶላት ይባላል። ደግሞ ይችን ስታነቢ ምን ያህል እንደ ቀለለ ታያለሽ። ከእስልምና በፊት ባል የሞተባት ዓመት ሙሉ በጠባብ ጎጆ፣ ክፉ ልብሷን ለብሳ ነበር የምትዘጋ።»

ክፉ ልብስ ሲሉ እናቴ ሐዘን ከገባች ወዲህ ያላወለቀችው ግራጫ ሹራብ ታየኝ። ዓይኔ ሞላ። ሸሁ አይተው ያላዩ መሰሉ፤ ወደ ክፍላቸው ተመልሰን ቁርዓናቸውን ከፈቱና አርባኛውን አንቀጽ በዐረብኛ አንብበው በአማርኛ እየፈቱ ነገሩኝ። ዓመት መተዳደሪያ፣ ሳይባረሩ። ከዚያ ቆሙ።

«እስከዚህ ነው ያነበብሽው?»

«አዎ።»

«ይቀጥላል። ከወጡ ግን፣ በራሳቸው ነገር በወጉ ባደረጉት በናንተ ላይ ኃጢአት የለም ይላል።»

ያኔ ገባኝ። አንቀጹን በግማሹ ነበር የዘጋሁት። ሸሁ እንዳስረዱኝ ዓመቱ ባል ለሚስቱ የሚተወው መጠጊያ ነበር፤ ቤተ ዘመድ ከቤት እንዳያስወጣት። ያም መተዳደሪያ በኋላ ውርስ ሲደነገግ፣ ሚስት ልጅ ካለ ስምንተኛ፣ ከሌለ ሩብ ሲደረግላት፣ በዚያ ተተካ። እኔ ግን የሴትን መጠጊያ ወስጄ በእናቴ ላይ ዘጋሁት።

«አንድ ሌላ ሐሳብም አለ» አሉ መጽሐፉን ሲያጥፉ። «ጥቂቶቹ ተሽሯል አይሉም። ሁለቱ ይታረቃሉ ነው የሚሉት፤ አራት ወር ከአሥር ቀኑ ግዴታ ነው፣ የተረፈው ከዓመቱ የሷ ነው። ብትፈልግ በቤቱ ትቆያለች፣ ብትፈልግ ትወጣለች። እኔ የተማርኩት የብዙዎቹን ነው። ያም ሆነ ይህ በማንኛቸውም አሁን እናትሽን የሚይዛት የለም። በዒዳውም ውስጥ ቢሆን ለሥራ በቀን መውጣት ክልክል አልነበረም፤ ማታ ቤቷ ታድር እንጂ።»

ሲሸኙኝ ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ። ሮተርዳም አልኩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ድንች እየላጠች ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኢቅራእን፣ ማስታወቂያውን፣ ግማሽ አድርጌ የዘጋሁትን አንቀጽ። ጥፋቴ ላይ ስደርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አራት ወር እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «እናቴ ስትቀመጥ እኔ ነበርኩ ውኃ የማመላልስላት። እዚህ ያስቀመጥሽኝ መስሎሽ ነው እንዴ፣ ባንቺ የደች መጽሐፍ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቀኑ እየደረሰ ነበር፣ ፈራሁ። አባትሽ የሌለበት ትራም ላይ ልወጣ ነው። አንቺ ደግሞ ዓመት አልሽኝ። ደግ አልኩ፤ ልጄ አስቀመጠችኝ ይባላል።»

አራት ወር ያህል በኔ ጥፋት ተዘጋች ብዬ ስብሰለሰል፣ እሷ በኔ ጥፋት ሥር ተሸሽጋ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንነግር።

«ኃጢአት ሠርቻለሁ አሉ?» አለች።

«አይ። ጥቂቶቹ ሊቃውንት ከዓመቱ የተረፈው የሴቲቱ ነው ይላሉ አሉኝ።»

«የአንቀጹን መጨረሻ ድገሚልኝ።»

«ከወጡ ግን በናንተ ላይ ኃጢአት የለም።»

«በናንተ የሚለው ማንን ነው?»

«ቤተ ዘመዱን መሰለኝ። ቤት የቀሩትን።»

«አንቺን ነዋ» አለች፤ ከዚያ ድንቹን ቀጠለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ውረጂና ለዚያች ምላሰኛ ሰኞ እመጣለሁ በይልኝ» አለችኝ።

ሰኞ ከጎረቤታችን ጋር ሄደች። ሐሙስ ሥራ ጀመረች። ከዚያ በፊት ያልተሰማኝ ነገር የተሰማኝ ያን ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። በሩን በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ማንም የለም። እንድትወጣ ወራት ስመኝ ከርሜ፣ ከወጣች በኋላ ባዶው ቤት ለኔ እንደሚተርፍ አላሰብኩም ነበር። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ይሄንን መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው፤ ቃሉ ሲመጣልኝ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፣ ብቻዬን እየተቀመጥኩ ደስ አለኝ።

ሲበቃኝ ወርጄ ትራም ማቆሚያው ጋ ልጠብቃት ቆምኩ። ሦስት ትራም አለፈ። ከአራተኛው ወረደች፤ ከማላውቃት ሴት ጋር፣ አጠር ካለች የሱሪናም ሴት ጋር፣ በተሰባበረ ደች እያወራች፣ እጇን እያወናጨፈች። ሴትዮዋ የሆነ ነገር አለች፣ እናቴ ሳቀች። አላየችኝም። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ትንሽ እስኪርቁ ጠብቄ ከኋላቸው ሄድኩ።